በሩ ተሰቅሎ ብሩ ሲቀር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት አለችኝ። እኔ፣ አንድ ረዳት፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ መቁረጫ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ላሜራ፤ በቃ ይኸው ነው። የግቢ በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። ሥራ አይጠፋም፣ ከተማው ቤት እየሠራ ነው። የሚጠፋው ብሩ ነው። ሥራውን አስረክበህ ከወጣህ በኋላ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እየተባለ የሚቀረው ብር። ብዙ ጓደኞቼ፣ ቀለም ቀቢውም ኤሌክትሪክ የሚዘረጋውም፣ አንድ ቦታ ላይ እንደሚሳሳቱ አይቻለሁ፤ እኔም እዚያው ቦታ ተሳስቻለሁ። ስለዚህ አንዱን ጉዳይ ከነብሩና ከነቀኑ ልንገራችሁ።

ከፋሲካ በፊት አንድ ሰው የግቢ በር አዘዙኝ። ጋሼ እንበላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻና በግ አላቸው፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቤት ሠርተዋል። በ84,000 ብር ተስማማን፣ 40,000 ሰጡኝ። ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ ቁልፉ፣ ቀለሙና ኤሌክትሮዱ 52,000 ፈጀ። ለረዳቴ 9,000 ከፈልኩ፣ ለመኪና 2,500። ይህ ሲደመር 63,500 ነው። ሚያዝያ 8 በሩን ጫንን፣ ሄደን ልንሰቅል ስንል ቀሪውን 44,000 ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ልጆቹ ለበዓል ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ግቢው ክፍቱን ይደር? ስቀልልኝና የበዓሉ ማግስት ና፣ ከቤት ውሰድ።»

ሰቀልኩት። ሰውየው በጣም የተከበሩ ናቸው፣ እምቢ ማለት ከበደኝ።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ወጪዬ 63,500 ነው፣ የገባልኝ 40,000 ነው። በሩ እሳቸው ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ 23,500 ብር ደግሞ የእኔ ነው የቆመው። ትርፌን እንኳ አልቆጠርኩም። ከዚያ ላይ ላሜራውን ግማሹን በዱቤ ስለወሰድኩ ብረታ ብረት ሱቁ እኔን ይጠብቃል። ደንበኛዬ ሲያዘገየኝ እኔ ሌላውን አዘገያለሁ። በእኛ ሥራ ሰው ስሙን የሚያጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አታላይ ስለሆነ አይደለም፣ ያልተከፈለው ስለሆነ ነው።

ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ብዙ ሰው «ሰውየውን ማመንህ» ይለኛል። አይደለም። ስህተቱ ቅድሚያ ክፍያው የዕቃውን ወጪ እንኳ አለመሸፈኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትልቁን ብር ለመጨረሻዋ ሰዓት ማስቀረቴ። በሩ ብየዳ ቤቴ ውስጥ እያለ ጉልበቱ የእኔ ነው፤ ደንበኛው በሩን ይፈልጋል፣ እኔ ብሩን። ከተሰቀለ በኋላ እሱ የሚፈልገው ነገር የለም። ሕጉም ይህንን ያውቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1757 አንዱ ወገን ግዴታውን ለመፈጸም ካልተዘጋጀ ሌላው የራሱን አልፈጽምም ማለት እንደሚችል ይናገራል። «ብሩ ካልመጣ አልሰቅልም» ማለት ነውር አይደለም፣ መብት ነው። ብቻ ውሉ ላይ «ሲሰቀል ይከፈላል» ብላችሁ የተነጋገራችሁ መሆን አለበት። «ከሰቀልክ ከወር በኋላ» ብላችሁ ከተስማማችሁ ግን በሩን ይዛችሁ መቅረት አትችሉም።

በዓሉ አለፈ። ማግስቱን ሄድኩ፣ «እንግዳ አለ»። ሳምንት ቆየሁ፣ «ገጠር ሄደዋል»። ከዚያ ስልክ። መጀመሪያ ያነሱ ነበር፣ ቆይቶ ማንሳት ተዉ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር በቀን ሦስቴ መደወል ነው። አይጠቅምም። ሰው ሲያፍር ስልክ አያነሳም፣ ባነሳ ቁጥር አዲስ ቀጠሮ መስጠት ይኖርበታላ! እያንዳንዱ የፈረሰ ቀጠሮ ደግሞ ቀጣዩን ለማፍረስ ያቀልለታል።

ከመደወል በፊት የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለምንድን ነው የማይከፍለው? ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው ብላችሁ ብትይዙት ብዙ አትስቱም። ብሩ የለውም። ወይም ሥራው ላይ ቅሬታ አለው። ወይም ብሩም አለው፣ ቅሬታም የለውም፣ ግን መክፈል አይፈልግም። ሦስቱም አፋቸው አንድ ነው፣ «ነገ» ይላሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ብር የሌለውን ፍርድ ቤት ብታቆሙት ብሩ አይፈጠርም። ቅሬታ ያለውን ሽማግሌ ብትልኩበት ይበልጥ ይናደዳል። መክፈል የማይፈልገውን ብትታገሡት ደግሞ ሞኝ ናችሁ ብሎ ይደመድማል።

እኔ ብሩን ሳልጠይቅ በሩን ልይ ብዬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እንዴት ሆነልዎት? ችግር ካለ ላስተካክል» አልኩ። ያኔ ነው የወጣው። «እንዴት ይሆናል! ማታ ማታ ልጆቹ ሲዘጉት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፣ ታችም ይፈትገዋል።» ከፍቼ ዘጋሁት። እውነት ነው፣ አንደኛው ክንፍ ዝቅ ብሎ ሲሚንቶውን ጭሯል። ጣት በማታክል ክፍተት ነው የወረደው። የላይኛው ማጠፊያ ብየዳ ክብደቱን አልቻለም፣ ከላሜራው ጋር የያዘው በሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። ሳልከራከር በማግስቱ ማሽኑን አምጥቼ ክንፉን በእንጨት ደግፌ አነሳሁ፣ ማጠፊያውን ዙሪያውን በየድኩት፣ ከታች አንድ ጨመርኩ፣ ግራሶ ቀባሁት፣ የተቃጠለውን ቀለም ደገምኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። እሳቸው በሩን በአንድ እጃቸው ገፍተው ዘጉት። ድምፅ የለም። «አሁን በር ሆነ» አሉ።

ይህን የማወራው ጥሩ ሰው ለመምሰል አይደለም። ቅሬታው ካልተፈታ የትም ብትሄዱ ይከተላችኋል። ሽማግሌ ፊት «ሥራው ተበላሽቷል» ይላል፣ ዳኛ ፊትም እንዲሁ፣ ያኔ ዕዳ የነበረው ጉዳይ ክርክር ይሆናል። እናም ካስተካከላችሁ በኋላ ፎቶ አንሱ፣ ከተቻለ «በሩን አስተካክሎልኝ ተረክቤያለሁ» የሚል አጭር ጽሑፍ ወይም የስልክ መልእክት ተቀበሉ። እኔ ያን ቀን ረዳቴ እያየ በቃል ብቻ ነው ያለፍኩት፣ ፎቶ ግን ነበረኝ።

ማታ መልእክት ጻፍኩላቸው። ቃል በቃል ይኸው፦ «ሰላም ጋሼ። ሚያዝያ 8 ለሰቀልኩት የግቢ በር ከተስማማንበት 84,000 ብር 40,000 ከፍለዋል። ቀሪው 44,000 ብር ነው። እስከ ግንቦት 15 እንዲከፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» መልሱ በማግስቱ መጣ። «እሺ ልጄ ትንሽ ታገሠኝ አሁን 4 ልኬልሃለሁ።» ቴሌብር ላይ 4,000 ገብቷል።

ይህቺ መልእክት ከአምሳ ስልክ ትበልጣለች። መልእክቱ ውስጥ ጠቅላላው፣ የተከፈለው፣ ቀሪው፣ የሥራው ዓይነትና ቀን አለ። እሳቸውም «44,000 የለብኝም» አላሉም፣ «ታገሠኝ» ነው ያሉት፣ ከፍለውም ቀነሱ። ነገ ጉዳዩ ቢካድ ይህ ዕዳውን ማመናቸውን ያሳያል። ሌላም አለ። በሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት አንድ ሰው ውሉን አልፈጸመም ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በማስጠንቀቂያ እንዲፈጽም መጠየቅ አለባችሁ። ማስጠንቀቂያ ሲባል ብዙ ሰው ማኅተም ያለበት የጠበቃ ደብዳቤ ይመስለዋል። ቁጥር 1773 ግን በጽሑፍ መጠየቅ ወይም ግዴታው እንዲፈጸም መፈለጋችሁን በግልጽ የሚያሳይ ሌላ ድርጊት ይበቃል ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለዕዳው ዘገየ ይባላል፣ ወለድም መቆጠር ይጀምራል። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፣ በ40,000 ላይ 3,600 ብር ማለት ነው። የላሜራ ዋጋ ከዚያ በላይ ይጨምራል። በወለዱ ተስፋ አታድርጉ፣ ጥቅሙ ቀኑ መቆጠሩ ነው።

ግንቦት 15 አለፈ። ሰኔ መጣ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ቅሬታው ተፈቷል፣ ዕዳውን አምነዋል፣ ስለዚህ የቀረው ጥያቄ ብሩ አላቸው ወይ የሚለው ነው። እርሻ ያለው ሰው በሰኔና በሐምሌ ምን ብር ይኖረዋል? የዘራው መሬት ውስጥ ነው፣ ያለፈው እህል አልቋል፣ በጉም የሚሸጠው ለእንቁጣጣሽ ነው። በክረምት «ዛሬ ክፈል» ማለት «ዋሽ» ማለት ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ የወሩን መጨረሻ፣ ነጋዴ ከሆነ የገበያውን ሰሞን፣ ገበሬ ከሆነ በዓሉንና አዝመራውን መቁጠር ነው። ግን እስከዚያ በባዶ አልጠብቅም። ወረቀት ያስፈልገኛል።

ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ሰዎች፤ አንዱ ከእኔ በኩል፣ አንዱ ለሁለታችንም የማይቀርብ የሰፈር ሰው፣ አንዱ ደግሞ የእሳቸው የልጃቸው የክርስትና አባት። ይህ ሦስተኛው ሰው ቁልፉ ነው። የራሳችሁን ዘመዶች ብቻ ሰብስባችሁ ከሄዳችሁ ከበባ ይመስላል። እሳቸው የሚያፍሩት ሰው ካለበት ግን ነገሩ ይለዝባል፣ ቃላቸውንም ማጠፍ ይከብዳቸዋል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ እሳቸው ሳሎን ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ብሩን ሊቀንሱልኝ ሞከሩ። «ልጃችን፣ አንተም ትንሽ ተው፣ 30 አድርጉት።» ይህ ሁሌም ይመጣል፣ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። እኔ ወጪዬን የጻፍኩበትን ደብተር አወጣሁ። 63,500 ከኪሴ እንደወጣ አነበብኩላቸው። «ጊዜውን እሰጣለሁ፣ ብሩን ግን አልቀንስም፤ ጥያቄዬ ከዚህ አይበልጥም» አልኩ። ዝም አሉ። የክርስትና አባትየው «እውነቱን ነው» አሉ። ደብተር ባይኖረኝ ኖሮ 10,000 ብር እዚያው ሳሎን ውስጥ ይቀር ነበር።

በሦስት ጊዜ ለመክፈል ተስማማን። መስከረም 5፣ የእንቁጣጣሽ በግ ከተሸጠ በኋላ 12,000። ታኅሣሥ 30፣ ከገና ማግስት 12,000። ጥር 30፣ ገብሱና ባቄላው ከገባ በኋላ 16,000። በአንድ ወረቀት ተጻፈ፣ ሁለታችንም ፈረምን፣ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ፈረሙ።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር አስተካክያለሁ፣ እባካችሁ ልብ በሉት። መጀመሪያ ጸሐፊው «40,000 ብር ተበድሬ» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሰው ዕዳ ሁሉ ብድር ይመስለዋል። አስቆምኩት። «ለሠራልኝ የግቢ በር ከሥራ ዋጋው የቀረብኝ 40,000 ብር» ተብሎ ተጻፈ፣ እውነቱም እሱ ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ ቢጠፋ ነው የሚታየው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ ጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት የሚሰጥ የማመን ቃል ወይም መሐላ ይፈልጋል። እንደ እኛ ያለ የሥራ ውል ግን በቃልም ሊደረግ ስለሚችል በምስክር ማስረዳት ይቻላል። አንድ ቃል ብትሳሳቱ ምስክሮቻችሁን በር ላይ ታቆማላችሁ።

ሁለተኛው ዋሱ ነው። የክርስትና አባትየው ደረታቸውን መትተው «እኔ ዋስ ነኝ!» አሉ። በእኛ አገር ይህ ከባድ ቃል ነው፣ አከብረዋለሁ። ፍርድ ቤት ግን በቃል የተሰጠ ዋስትና አይቀበልም። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅም ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። ስለዚህ «ባይከፍሉ እስከ 40,000 ብር ድረስ እኔ እከፍላለሁ» ተብሎ ተጽፎ በስማቸው ተፈረመ። እሳቸውም አልተቀየሙም። እንዲያውም መስከረም 4 ማታ ጋሼን የደወሉላቸው እሳቸው ናቸው፣ እኔ መደወል አላስፈለገኝም።

ሽምግልናው ባይሳካስ? ያኔ ፍርድ ቤት ነው። ትንሽ ብር ከሆነ ቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያይ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልሆነ ወረዳው። የታወቀ መጠን ያለው፣ ከውል የመጣ የገንዘብ ዕዳ ከሆነ «በአጭር ሥነ ሥርዓት ይታይልኝ» ማለት ይቻላል። ይህ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 284 ጀምሮ ያስቀመጠው ነው። ከሳሹ በቃለ መሐላ ያስረዳል፣ ተከሳሹ ደግሞ እንዲሁ ገብቶ አይከራከርም፣ በመጀመሪያ የመከላከል ፈቃድ መጠየቅና በቂ ምክንያት ማሳየት አለበት። ወረቀትና መልእክት የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል። ሥራው ላይ እውነተኛ ቅሬታ ካለ ግን ፈቃዱ ይሰጠዋል፣ ክርክሩም ይረዝማል። ማጠፊያውን ቀድሜ ያስተካከልኩት ለዚህም ነው። የዳኝነት ክፍያ አለ፣ የሚባክን የሥራ ቀንም አለ። ለ3,000 እና ለ4,000 ብር እኔ ፍርድ ቤት አልሄድም፤ ሁለት ቀን ብየዳ ቤቴን ከዘጋሁ ያንኑ ያህል አጣለሁ። ለዚያ ሰው ግን ዳግመኛ አልሠራም።

ፖሊስ ጋ መሄድ ብዙ ጊዜ አይረዳም። ዕዳ አለመክፈል ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብለው ይመልሷችኋል። ስንቅ የሌለው ቼክ ከተሰጣችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱ በወንጀልም ያስጠይቃል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሩን አትንቀሉ። ተናዶ በሌሊት ሄዶ የሠራውን መስኮት ነቅሎ ያመጣ የሙያ ጓደኛ አለኝ። ገንዘብ የሚጠይቀው እሱ ነበር፣ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ የተጠየቀው ግን እሱ ሆነ። ቀለም ቀቢ ከሆናችሁም ግድግዳ ላይ «ይህ ሰው ሌባ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፣ ፎቶውንም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ ስም ማጥፋት ወንጀል ነው። ባለዕዳው እናንተ ሳትሆኑ ባለዕዳ ትሆናላችሁ።

አሁን ሥራ ስቀበል ክፍያውን እንዲህ እከፋፍለዋለሁ። ያው 84,000 ብር ከሆነ 52,000 ከመጀመሬ በፊት፤ ዕቃው በራሱ ብር ይገዛል። 21,000 በሩ ተበይዶ ደንበኛው ብየዳ ቤቴ መጥቶ አይቶ፣ ከፍቶ ዘግቶ ሲያረጋግጥ። ቀለም የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጉድለት ካለ ያኔ ይታያል። 11,000 ሲሰቀል። የመጨረሻዋ ብትዘገይ እንኳ የምትዘገየው ከትርፌ ነው፣ ብረታ ብረት ሱቁን ግን አላስከፋም። ደንበኛ ሲያጉረመርም «ዕቃውን እርስዎ ራስዎ ከሱቅ ይግዙልኝ፣ እኔ ጉልበቴን ብቻ ልሽጥ» እላለሁ፣ አብዛኛው ሰው ሒሳቡ ይገባዋል።

ወረቀቱ ላይ ግን የመጀመሪያውን ብር «ቅድሚያ ክፍያ» ብዬ ነው የምጽፈው፣ «ቀብድ» አልለውም። አፋችን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ሕጉ ጋ አይደሉም። ቀብድ ውሉ መደረጉን ያሳያል፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ላሜራ ገበያ ላይ ጠፍቶ ሥራውን መተው ቢኖርብኝ የ52,000 እጥፍ ከየት አመጣለሁ?

ጋሼ መስከረም ላይ 12,000ውን በቀኑ ሰጡ። የገናው አራት ቀን ዘገየ፣ ዋሱ አስታወሷቸው። የመጨረሻውን 16,000 የካቲት 2 ብየዳ ቤቴ ድረስ ይዘውት መጡ። ቆጠርኩ፣ ወረቀቱ ጀርባ ላይ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ብዬ ቀንና ፊርማዬን አድርጌ ሰጠኋቸው፣ ፎቶውን አስቀረሁ። እሳቸውም ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው ለገጠሩ ቤት ሁለት መስኮት ስንት እንደሚሆን ጠየቁኝ። ሜትሩን ይዤ ነገ እመጣለሁ አልኳቸው፣ ከመምጣቴ በፊት ደግሞ ዕቃው ስንት እንደሚፈጅ አስቤ በመልእክት ልኬላቸዋለሁ።